የሥጋ ቀለም የሚነግረን ስለ አየር ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ገዝቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። በማግስቱ አውጥቼ ለሁለት ስከፍለው ደነገጥኩ። ላዩ ደማቅ ቀይ ነው። ውስጡ ግን አመድ የመሰለ ግራጫ። ወዲያው ሻጩን ጠረጠርኩት። የከረመ ሥጋ መሃል ከትቶ፣ ከላይ አዲሱን አልብሶ የሸጠልኝ መሰለኝ። አላሸተትኩትም። በጣቴም አልነካሁትም። በንዴት ሙሉውን ኪሎ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ያን ቀን ያየሁት ነገር ትናንት በተፈጨ ጤነኛ ሥጋ ላይም የሚታይ ተራ ነገር መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሻጩን በከንቱ ጠርጥሬዋለሁ። ጥሩ ሥጋ መጣሉ ያሳዝናል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የዚሁ ስህተት ሌላኛው ፊት ነው። ግራጫውን በቀለሙ ብቻ የሚጥል ሰው፣ ቀዩንም በቀለሙ ብቻ ያምነዋል። ቀይ ሆኖ የተበላሸ ሥጋ ደግሞ አለ።

ስለዚህ ቀለሙ ከምን እንደሚመጣ ከሥሩ እንየው። የማወራው በዋናነት ስለ ቀይ ሥጋ ነው፤ ስለ በሬ፣ ስለ በግ፣ ስለ ፍየል። የዶሮ ሥጋ ቀለም ሰጪው ነገር በጣም ትንሽ ስለሆነ ይሄ ሁሉ ለውጥ እምብዛም አይታይበትም።

ሦስት ቀለም፣ አንድ ነገር

ብዙ ሰው ሥጋ ቀይ የሆነው በደም ይመስለዋል። አይደለም። እንስሳው ሲታረድ አብዛኛው ደም ይፈሳል። ቀለሙን የሚሰጠው ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ጡንቻው ውስጥ ኦክስጅን ይዞ የሚያቆይ ሲሆን፣ መሃሉ ላይ አንድ የብረት አቶም አለው። የሥጋው ቀለም የሚወሰነው ያ ብረት በዚያች ሰዓት ምን እንደያዘ ነው።

ምንም ካልያዘ ሥጋው ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ይመስላል። አንድ ትልቅ ብልት መሃሉን በቢላ ስትቆርጡት መጀመሪያ የሚታያችሁ ይሄ ቀለም ነው። አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ሥጋም እንዲሁ ነው። ቆርጣችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አየር ላይ ብትተዉት ኦክስጅን ከብረቱ ጋር ይያያዛል፤ ላዩም ሁላችንም የምንወደውን ደማቅ ቀይ ይይዛል። ሦስተኛው ቀለም ቡናማው ነው። እዚህ ላይ ብረቱ ራሱ ተለውጧል፤ ኤሌክትሮን አጥቷል። ከዚያ በኋላ ኦክስጅን መያዝ አይችልም። ቡናማውና ግራጫው የሚመጡት ከዚህ ነው።

ልብ በሉ፣ እስካሁን ስለ ባክቴሪያ አንድም ቃል አልተነፈስንም። ሦስቱም ቀለሞች የብረትና የኦክስጅን ጉዳይ ናቸው።

ቡናማው በጣም የሚፈጥነው ግን የት ነው? ሰው እንደሚገምተው አየር በበዛበት ቦታ አይደለም። አየር በጠፋበትም አይደለም። ኦክስጅን ትንሽ ብቻ ባለበት ቦታ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ከያዝን የቀረው ሁሉ ይገለጥልናል። ኦክስጅን ወደ ሥጋ የሚዘልቀው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ላዩ ላይ በቂ ስላለ ቀይ ነው። ጥልቁ ውስጥ ምንም ስለሌለ ወይን ጠጅ ነው። በሁለቱ መካከል፣ ኦክስጅኑ ተሟጦ ሊያልቅ ሲል፣ ስስ ቡናማ መስመር ይሠራል።

የተፈጨ ሥጋ ላይ ደግሞ ነገሩ ይጎላል። ሲፈጭ አየር ከሥጋው ጋር ይደባለቃል። ከተጠቀለለ በኋላ አዲስ አየር ወደ መሃሉ አይገባም። የሥጋው ሕዋሳት ከእርድ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ኦክስጅን መጠቀማቸውን ስለማያቆሙ፣ መሃል ላይ የቀረችውን አየር ቀስ በቀስ ይጨርሷታል። መጠኗ ስታንስ ቡናማው ይጀምራል። ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ግራጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ቁራጭ ሥጋ ተደራርበው ሲቀመጡ፣ የተነካኩበት ቦታ ላይ የሚታየው ቡናማ ነጠብጣብም ከዚሁ ይመጣል። አየር በደንብ ያላገኘ ቦታ ነው።

የላዩ መጥቆር ግን ትንሽ ለየት ይላል። ትኩስ ሥጋ ቡናማውን መልሶ የሚያድስ የራሱ ኢንዛይም አለው። ቀናት ሲቆጠሩ ይህ አቅሙ እየደከመ ይሄዳል። ከዚያ ላዩ ራሱ፣ አየር እያገኘም ቢሆን፣ ወደ ቡናማ ይዞራል። ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኑታል። ጡንቻውም ይለያያል፤ ሥጋው በጣም ለስላሳ የሆነው ፊሌቶ ከሽንጥ ቀድሞ ይጠቁራል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ከአንድ እንስሳ ቢወጡም እንኳ።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልስጥ። የውስጥ ግራጫነት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ እኔ ከቁብ አልቆጥረውም። ላዩ በሙሉ ከጠቆረ ግን «ይሄ ሥጋ ከተቆረጠ ስንት ቀን ሆነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አስጥሎ የሚያስጥል ማስረጃ አይደለም። የሚያስጠይቅ ግን ነው። ምክንያቱም ባክቴሪያም ሲበዛ ላዩ ላይ ያለውን ኦክስጅን ይበላል፤ በዚህም ቡናማውን ያፋጥናል። ስለዚህ የቀለም ለውጥና ብልሽት አንዳንዴ አብረው ይመጣሉ። ሰው ሁለቱን የሚያምታታው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ቀለም አንድ የመጨረሻ ነገር ላንሳና ልለፍ። አንዳንዴ የተቆረጠ ሥጋ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ይታያል። ሥጋውን ወዲያና ወዲህ ስታዘነብሉት ቀለሙ ከተለዋወጠ ወይም ከጠፋ፣ ብርሃን በጡንቻው ክሮች ላይ ሲያርፍ የሚሠራው ነገር ነው፤ ጉዳት የለውም። ከየትኛውም አቅጣጫ ብታዩት የማይለወጥ አረንጓዴ ግን የባክቴሪያ ሥራ ሊሆን ይችላል። እሱን ጣሉት።

ሲያጣብቅስ?

ከቀለሙ ይልቅ የሚያከራክረው ይሄኛው ነው። እጅ ላይ የሚያጣብቅ ሥጋ ሁሉ ተበላሽቷል የሚል እምነት አለ። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አምን ነበር።

ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ ውሃ ይለቃል። ያ ፈሳሽ ፕሮቲን የተሞላ ነው። ላዩ ላይ በስሱ ሲደርቅ፣ ልክ የእንቁላል ነጭ እጅ ላይ ሲደርቅ እንደሚሆነው፣ ያዝ ያዝ ያደርጋል። ይሄ ንጹሕ ነገር ነው። ጨው የነካው ሥጋ ደግሞ የበለጠ ያጣብቃል። ጨው ማዮሲን የሚባለውን የጡንቻ ፕሮቲን ያሟሟውና ወደ ላይ ያወጣዋል። ቋሊማ ሠሪዎች ሥጋውን በጨው የሚያሹት ይሄንኑ ፈልገው ነው፤ ቋሊማውን እርስ በርስ አያይዞ የሚያቆመው ያ ማጣበቂያ ነው።

ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። እንስሳው ከመታረዱ በፊት ለረጅም ጊዜ ከተጨነቀ፣ ከደከመ ወይም ከተራበ፣ ጡንቻው ውስጥ ያለው የስኳር ክምችት ያልቃል። በተለመደው ሁኔታ ይህ ክምችት ከእርድ በኋላ ወደ ላክቲክ አሲድ ተለውጦ የሥጋውን ፒኤች፣ ማለትም አሲድ ሲበዛ የሚያንሰውን መለኪያ፣ ወደ 5.5 ገደማ ያወርደዋል። ክምችቱ ካለቀ ግን አሲዱ አይፈጠርም፤ ፒኤቹ ከ6 በላይ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ሥጋ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል። ጠቆር ይላል፣ ጠንከር ይላል፣ ሲነካም ያጣብቃል። በታረደበት ቀን እንኳ እንዲህ ነው። አልተበላሸም። ግን ቶሎ ይበላሻል፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እናየዋለን።

አራተኛው እውነተኛው ብልሽት ነው። እሱ ከማጣበቅ ይልቅ ዝልግልግ ይላል። ጣት ያሙለጨልጫል። በሁለት ጣት ይዛችሁ ስትለያዩት ክር እየሠራ ሊሳብ ይችላል። ይሄ የሥጋው ፈሳሽ አይደለም። ባክቴሪያዎቹና እነሱ የሚያመነጩት ነገር ተደራርበው የሠሩት ሽፋን ነው።

ሁለቱን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ላዩን በንጹሕ የወጥ ቤት ወረቀት ጠረግ አድርጉት። የደረቀ የሥጋ ውሃ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ተራ የሥጋ ገጽ ሆኖ ይሰማችኋል። ዝልግልጉ ሽፋን ግን ብትጠርጉትም አያልቅም፤ ከሥሩ ያለውም ያሙለጨልጫል፤ ወረቀቱን ወደ አፍንጫችሁ ስታስጠጉት ደግሞ ይከረፋል። በውሃ አጥባችሁ ለመፈተሽ አትሞክሩ። ውሃው ሽፋኑን ያጥብና ያሳስታችኋል፤ ፍንጣሪውም ባክቴሪያውን በወጥ ቤቱ ሁሉ ይረጨዋል።

ሽታው ለምን በአንድ ጊዜ ይመጣል

«ትናንት ምንም አልነበረውም፤ ዛሬ ስከፍተው ገማ» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ነገሩ በእርግጥ እንደዚያ ነው የሚሄደው።

ፍሪጅ ውስጥ አየር እያገኘ የሚቀመጥ ሥጋን የሚያበላሹት በዋናነት ሱዶሞናስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ብርድ ያዘገያቸዋል እንጂ አያቆማቸውም። ሥጋው ላይ ሲያርፉ መጀመሪያ የሚበሉት ቀላሉን ምግብ፣ ስኳሩን ነው። ስኳር ሲበሉ ብዙም አይሸቱም። ቁጥራቸው ግን እየተባዛ ነው። ላዩ ላይ ያለው ስኳር ሲያልቅ ፕሮቲን ወደሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ይዞራሉ። ያኔ አሞኒያና ድኝ ድኝ የሚሉ ጋዞች ይወጣሉ። መጥፎው ሽታ የሚጀምረው በአንዲት ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቁጥራቸው 10 ሚሊዮን ገደማ ሲደርስ ነው። ዝልግልጉ ሽፋን በጣት የሚታወቀው ደግሞ ወደ 100 ሚሊዮን ሲጠጋ ነው።

ከላይ ያነሳሁት የተጨነቀ እንስሳ ሥጋ ቶሎ የሚበላሸው በዚህ ነው። ስኳሩ ቀድሞ ስላለቀ ባክቴሪያዎቹ በቀጥታ ከአሚኖ አሲዱ ይጀምራሉ። ለመሽተት ያን ያህል መብዛት አያስፈልጋቸውም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሙሉ ቁራጭ ሥጋ ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር 1,000 ባክቴሪያ አለ እንበል። በፍሪጁ ብርድ በየ8 ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል ብለን እንያዝ። ከ1,000 ተነስቶ 10 ሚሊዮን ለመድረስ 13 ጊዜ ያህል እጥፍ መሆን አለበት። 13 ጊዜ 8 ማለት 104 ሰዓት፣ አራት ቀን ከምናምን ነው። ያው ሥጋ ሲፈጭ ደግሞ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ሁሉ ወደ ውስጥ ይደባለቃል። ስለዚህ ከ100,000 ይነሳል እንበል። አሁን 7 ጊዜ ገደማ ይበቃዋል፤ ሁለት ቀን ከምናምን። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሥጋ ከየት እንደሚነሳ ይለያያል። ግን የተለመደው ምክር ከየት እንደመጣ ያሳያሉ፦ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ የተፈጨ ሥጋ 1 ወይም 2 ቀን፣ ሙሉ ቁራጭ ከ3 እስከ 5 ቀን። ፍሪጁ ሞቅ ብሎ እጥፍ መሆኑ በየ4 ሰዓቱ ከሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ቀናት በግማሽ ይቆረጣሉ።

ከዚሁ ሒሳብ አንድ በጣም የሚጠቅም ነገር ይወጣል። ከ10 ሚሊዮን ወደ 100 ሚሊዮን ለመሄድ ሦስት ጊዜ ከምናምን እጥፍ መሆን ያስፈልጋል። በፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ሽታው ከዝልግልጉ ቀድሞ ይመጣል። ሥጋው እጃችሁን ያጣብቃል፣ ግን ጠረኑ የጥሬ ሥጋ ጠረን ብቻ ነው? እንግዲያው ያጣበቃችሁ የሥጋው ውሃ ነው የሚለው ግምት ሚዛን ይደፋል።

አፍንጫችንም ግን ድክመት አለበት። በጣም የቀዘቀዘ ሥጋ ጠረኑ ይታፈናል። ቅመም የተቀባው ሥጋ ሽታውን ይደብቃል። ብዙ ጊዜ ደጋግመን ስናሸት ደግሞ እንለምደዋለን፤ የመጀመሪያዋ ማሽተት ናት ሐቀኛዋ።

አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ሥጋ የራሱ ጠባይ አለው። ሱዶሞናስ አየር ይፈልጋል፤ እዚያ ውስጥ አይመቸውም። የሚበዙት ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱት ናቸው። ስለዚህ ሽታው ከግማት ይልቅ ወደ ኮምጣጣ ያደላል። እሽጉን እንደቀደዳችሁ የሚወጣ የታፈነ ሽታ አለ፤ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ሥጋውን አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ሳትሸፍኑ ተዉት። ወይን ጠጅ ቀለሙ ወደ ቀይ ሲመለስ የታፈነው ሽታም ይጠፋል። ካልጠፋ፣ ከኮመጠጠ፣ ወይም እሽጉ ገና ሳይከፈት ተነፍቶ ከነበረ፣ አልቆለታል።

አንድ እሽግ ከነዝርዝሩ

ይህን ሁሉ በአንድ እሽግ ላይ እንሞክረው። ሰኞ ማታ አንድ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ተገዛ። የተፈጨው በዚያው ቀን ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቤት ደርሶ ፍሪጅ ገባ። ረቡዕ ጠዋት ወጣ። ላዩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ውስጡ ግራጫ ነው። ሲነካ ያዝ ያዝ ያደርጋል።

እኔ መጀመሪያ የማየው ሥጋውን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ከሰኞ ማታ እስከ ረቡዕ ጠዋት 36 ሰዓት ያህል ነው። ከሁለት ቀን በታች። ቀጥሎ የፍሪጁን ሙቀት አያለሁ። እኔ ውስጡ ትንሽ ቴርሞሜትር አስቀምጫለሁ፤ የፍሪጁ ቁልፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሙቀቱን ስለማይነግር። 4 ወይም ከዚያ በታች ካለ እስካሁን ሁሉም ነገር ለሥጋው ይመሰክርለታል።

ከዚያ እከፍተዋለሁ። እንደተከፈተ አንዴ አሸታለሁ። ጠረኑ ቀለል ያለ፣ ብረት ብረት የሚል ከሆነ ጥሩ። ትንሽ የታፈነ ከመሰለኝ ፍሪጅ ውስጥ ከፍቼ 20 ደቂቃ አቆየውና እንደገና አሸታለሁ። መሃል ላይ ያለውን ግራጫ ሥጋ ገንጠል አድርጌ ከጎኑ አስቀምጣለሁ። አየር ሲያገኝ ትንሽ ከቀላ፣ አየር ብቻ ነበር ያጣው ማለት ነው። ካልቀላ ብረቱ ወደ ቡናማው ዞሯል፤ ያም ቢሆን የብልሽት ማስረጃ አይደለም። በመጨረሻ በወረቀት እጠርገዋለሁ። ወረቀቱ እርጥብ ብቻ ሆኖ ከወጣና ሥጋው ካላሙለጨለጨ፣ ይሄን ሥጋ አበስለዋለሁ። ዛሬውኑ፤ ለነገ አላሳድረውም።

አሁን ታሪኩ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ሰኞ ማታ ሥጋው መኪና ውስጥ ተረስቶ ሦስት ሰዓት ቆየ። ከዚያ ፍሪጅ ገባ። በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ሲከፈት ቀይ ነው፤ አያጣብቅም፤ አይሸትም። ከላይኛው ሥጋ ያማረ ነው። እኔ የምጥለው ግን ይሄንን ነው።

አፍንጫ የማይደርስበት

ምክንያቱ ሥጋ የሚያገሙት ባክቴሪያዎችና ሰው የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የተለያዩ መሆናቸው ነው። ሱዶሞናስ ሥጋውን ያከረፋል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ግን በምግብ በኩል በሽታ ማምጣቱ እምብዛም ነው። ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባለው ዓይነት ግን ሆድ ውስጥ ገብተው ለማሳመም በሚበቃቸው መጠን ሥጋውን አያሸቱትም፣ አያዝለገልጉትም፣ ቀለሙንም አይነኩም። ኢ. ኮላይ ኦ157 በጣም በትንሽ ቁጥር ያሳምማል። ዓይንም አፍንጫም ጣትም አይደርስበትም።

እነዚህ ደግሞ ሙቀት ይወዳሉ። ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ይራባሉ፤ በክፍል ሙቀት በጣም ይፈጥናሉ። ጥሬ ሥጋ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከ1 ሰዓት። የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ከውጭው ይብሳል። «እናበስለው የለ?» የሚል ሰው ይኖራል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በማብሰል አይጠፋም። እሳቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ መርዙ እዚያው ይቀራል።

ቀይ ቀለምም በራሱ ሊታመን አይገባም። አንዳንድ እሽጎች ውስጥ በአየር ፋንታ በኦክስጅን የበለጸገ ጋዝ ይሞላል፤ ሥጋው ለቀናት ቀይ ሆኖ እንዲቆይ። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ መጨመር ይፈቀዳል። ይህ ጋዝ የማዮግሎቢኑን ብረት ከኦክስጅንም በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሥጋው በውስጡ ሲበላሽም ቀለሙ እንደቀላ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥጋ የሚያጋልጡት እሽጉ ላይ የተጻፈው ቀንና ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ናቸው።

ግራጫውን ሥጋ ፈትሻችሁ ደህና ነው ካላችሁ በኋላም ቀለሙ አንድ ጊዜ ደግሞ ያሳስታል፤ ድስቱ ላይ። የበሰለ ሥጋ ቡናማ የሚሆነው ማዮግሎቢኑ በሙቀት ስለሚፈርስ ነው። ከመብሰሉ በፊት ወደ ቡናማ የዞረ ማዮግሎቢን ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት ቀድሞ ይፈርሳል። ስለዚህ ግራጫ የነበረ የተፈጨ ሥጋ 60 ዲግሪ ሳይሞላ ውስጡ ሙሉ በሙሉ የበሰለ ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው አየር አጥቶ ወይን ጠጅ የነበረ ሥጋ ከበሰለ በኋላም ሮዝ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የተፈጨ ሥጋ እንደበሰለ የሚቆጠረው መሃሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው። የምግብ ቴርሞሜትሩን ከጎን በኩል እስከ መሃሉ ሰካ አድርጋችሁ ቁጥሩን አንብቡ። በሰለ የመሰለው ሥጋ 58 ላይ ቆሞ ታገኙት ይሆናል፤ ከእሳቱ አታውርዱት።